ለጣና ዳር የታሸጉ ምርቶቻችን የAI ፎቶ ፕሮምፕቶች

የማንጎ ጭማቂ፦ «300 ሚሊ ሊትር የመስታወት ጠርሙስ፣ ከማቀዝቀዣ አሁን የወጣ፣ እርጥብ ጥቁር ድንጋይ ላይ የቆመ። ጠርሙሱን ጥቃቅን ጤዛ ሸፍኖታል፤ ከአንገቱ ሥር ሁለት ጠብታዎች ተገናኝተው ወደ ታች ወርደዋል፣ በወረዱበት መስመር ብጫው ጭማቂ ጥርት ብሎ ይታያል። በስተግራ ለሁለት የተቆረጠ ማንጎ፣ የተቆረጠው ፊቱ በራሱ ውሃ የሚያብረቀርቅ፣ ቅጠሉ ያልጠወለገ። የጠዋት ፀሐይ ከኋላ በቀኝ በኩል። በሩቁ የደበዘዘ የጣና ውሃና አንድ የደንገል ታንኳ። የጠርሙሱ ወረቀት ባዶ ይሁን።» ወረቀቱን ባዶ ያልኩት የግዕዝ ፊደላችን በምስል ሠሪው ብዙ ጊዜ ስለሚበላሽ ነው፤ ስማችንን ራሳችን እናስገባለን።

ሽሮ፦ «ቡናማ የሽሮ ዱቄት እሽግ፣ ከፊቱ በሸክላ ድስት ተክ ተክ የሚል ሽሮ፣ ላዩ ላይ የፈነዳ አረፋና በጠርዙ የወጣ ዘይት። ቀጭን እንፋሎት ከድስቱ ብቻ ይነሳል፤ እሽጉ ደረቅ ነው። ጀርባው ጥቁር ቡናማ፣ ብርሃኑ ከኋላ። በጎን የተሰነጠቀ አረንጓዴ ቃሪያና ትኩስ እንጀራ።» እባካችሁ ጀርባውን ነጭ አታድርጉት፣ እንፋሎቱ ይጠፋል። ብዙ እንፋሎትም አትጨምሩ፤ ጭስ ይመስላል፣ ሰው ያረረ ምግብ ነው ብሎ ያልፈዋል።

ቆሮሶ፦ «አየሩ ወጥቶ በጠራ ፕላስቲክ የታሸገ የዓሣ ሥጋ፣ በተፈጨ በረዶ ላይ፣ ከላይ የተነሳ። ሥጋው ፈዛዛ ሮዝ፣ በጎኑ የተቆረጠ ሎሚ፣ በፕላስቲኩ ላይ ጥቂት ጠብታ። እንፋሎት የለም።»