ከእሸት እስከ አልጋ፦ በዌቢናሩ ክፍሎች መሀል የሚነገሩ መሸጋገሪያዎች

ለቡና እጠባ ጣቢያ ተቆጣጣሪዎች፣ በዙም፣ ከምሽቱ 1፡00 እስከ 2፡30

1፡05፣ ከመግቢያ ወደ ርክክብ

«ትውውቁ ይብቃንና ወደ ሥራችን እንግባ። ዛሬ ሦስት ቦታ እንቆማለን፦ እሸቱን ስንረከብ፣ ገንዳ ውስጥ ሲብላላና አልጋ ላይ ሲደርቅ። ርክክቡን ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ቻቱ ላይ ጻፉልኝ። እናንተ ጋ እሸቱ የሚመረጠው ከመመዘኑ በፊት ነው ወይስ በኋላ? መልሳችሁን እያነበብኩ እቀጥላለሁ።»

1፡25፣ ከርክክብ ወደ ማብላላት

«እዚህ ላይ ርክክቡን እንዝጋው። አረንጓዴ እሸት ከቀዩ ጋር ከገባ መፈልፈያው ልጣጩን በደንብ አያላቅቀውም፣ አንዳንዱም ፍሬ ይቆረጣል ብለናል። ተንሳፋፊውንም በውኃ ለይተናል። አሁን የገባችሁ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ፤ ያመለጣችሁ ይኸው ነው።

እንግዲህ የተመረጠው እሸት እጃችን ላይ ነው፤ ሰዓቱም እየሮጠ ነው። ከተለቀመ በ8 ሰዓት ውስጥ ካልተፈለፈለ ክምሩ ውስጥ ይሞቅና ገንዳ ሳይደርስ መብላላት ይጀምራል። ስለዚህ ቀጥሎ የምናየው ገንዳውን ነው። ‹ስንት ሰዓት ይቆይ?› የሚለው ጥያቄ ቻቱ ላይ አራት ጊዜ መጥቷል፤ መልሱ እዚህ ክፍል ውስጥ ነው።»

1፡40፣ ከሰዓት ቆጠራ ወደ እጅ ፍተሻ

«ቁጥሩን ሰማችሁ፤ ብዙ ጊዜ ከ24 እስከ 48 ሰዓት። ግን ቁጥሩን ግድግዳ ላይ ለጥፎ መተኛት አይቻልም። ብርድ ባለበት ጣቢያ ይዘገያል፣ ሙቀት ባለበት ይፈጥናል። ስለዚህ ስላይዱን ልተወውና ካሜራውን ወደ እጄ ላዙረው። ይህ ከገንዳ የወጣ ፍሬ ነው፤ በውኃ አለቀለቅኩት፤ አሁን በመዳፌ አሻለሁ። ሲያንሸራትት ይሰማኛል፣ ስለዚህ አልደረሰም። ይኼኛው ደግሞ እንደ ጠጠር ይንኳኳል፤ ይህ ደርሷል፣ ይታጠብ። ከዚህ በላይ ከቆየ ሲቀመስ ሆምጣጤ ሆምጣጤ ይላል፤ በኋላ ምንም ብታደርጉ አይመለስም።»

ኔትዎርክ ከተቆረጠ፦ «ድምፄ ተመለሰ? መዳፍ ላይ ስናሽ ነበር፤ ከዚያ ልቀጥል።»

1፡55፣ ከማብላላት ወደ ማድረቅ

«ገንዳውን በዚሁ እንተወው። በንጹሕ ውኃ ታጥቦ ወደ አልጋ ወጣ እንበል። እስካሁን ጠላታችን መዘግየት ነበር፤ አልጋ ላይ ደግሞ መቸኮል ነው። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ በርትቶ ካልተሸፈነ ገለባው ይሰነጠቃል። ስለዚህ ስለ ውፍረቱ፣ ስለ ማገላበጡና ስለ መሸፈኛው ሰዓት እንነጋገራለን። የእርጥበት መለኪያ ያላችሁ አምጡትና አጠገባችሁ አስቀምጡት፤ የምንፈልገው ከ11 እስከ 12 በመቶ ነው።»

2፡15፣ ከማድረቅ ወደ ጥያቄ

«ገለጻዬን ጨርሻለሁ፤ ቀሪው 15 ደቂቃ የእናንተ ነው። ከርክክብ እንጀምር፣ ገንዳ፣ ከዚያ አልጋ። መናገር የምትፈልጉ እጅ አውጡ፤ ስማችሁ ሲጠራ ማይካችሁን ክፈቱ። የዋጋ ጥያቄ ለዛሬ ይቆየን። የመጀመሪያው እጅ የወጣው ከይርጋጨፌ ነው፤ ይቀጥሉ፣ እየሰማንዎት ነው።»