ጉዳዩ፦ የግንባታ ፈቃድ ውሳኔ የዘገየበት ምክንያት በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ ስለመጠየቅ

ቀን፦ የካቲት 14 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለክፍለ ከተማው የግንባታ ፈቃድ ክፍል ኃላፊ
ጎንደር

የፋይል ቁጥር፦ ግፈ/418/15

የተከበሩ ኃላፊ፣

በቅድሚያ ጤና ይስጥልኝ። በቀሃ ኢየሱስ አካባቢ የምኖር ጡረተኛ መምህርት ነኝ። ጥቅምት 8 ቀን 2015 ዓ.ም. በስሜ በተመዘገበው 180 ካሬ ሜትር ይዞታ ላይ ባለ አንድ ፎቅ መኖሪያ ቤት ለመሥራት የግንባታ ፈቃድ ጠይቄ ነበር። ማመልከቻዬ በዕለቱ ተመዝግቧል፤ የአገልግሎት ክፍያውንም ከፍያለሁ። እስከ ዛሬ ግን ተፈቅዷል የሚል ወረቀት አልደረሰኝም። ተከልክሏል የሚልም አልደረሰኝም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ፈቃዱን በግድ ስጡኝ ለማለት አይደለም። ውሳኔው ለምን እንደዘገየ እንዲነገረኝ፣ ከዚያም ውሳኔ እንዲሰጠኝ ነው።

ፋይሉ ውስጥ ያለውን ባጭሩ ላስታውስ። የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ አለ። የዘንድሮ የቦታ ግብር የተከፈለበት ደረሰኝ አለ። ነሐሴ ወር ላይ ከዚሁ ክፍል የተሰጠኝ የፕላን ስምምነት አለ። ፈቃድ ባላቸው ባለሙያዎች የተሠሩ የአርክቴክቸር፣ የስትራክቸር፣ የኤሌክትሪክና የሳኒተሪ ዲዛይኖች ከነማኅተማቸው ገብተዋል። የአፈር ምርመራ ውጤትም ተያይዟል። ቦታችን ከቀሃ ወንዝ ብዙ አይርቅም፣ ከሥሩም ዋልካ ነው። ስለዚህ መሐንዲሱ መሠረቱ እንዴት መሆን እንዳለበት ተጠንቅቆ ሠርቶታል። ማመልከቻውን የተቀበሉኝ ሠራተኛ ሁሉንም አንድ በአንድ አይተው፣ «የጎደለ የለም» ብለው ነው ማኅተም የመቱልኝ።

ኅዳር ላይ ባለሙያዎች መጥተው ቦታውን ለኩ። የወሰን ድንጋዮቹን አሳየኋቸው። ልኬቱ ከካርታው ጋር እንደሚስማማ ነግረውኝ፣ ቃለ ጉባኤው ላይ እኔንም ጎረቤቶቼንም አስፈረሙን። እውነቱን ለመናገር በዚያ ቀን የሠሩት ሥራ ደስ ብሎኛል። በሰዓታቸው መጡ፤ ለጎረቤቶቼም ነገሩን በትሕትና አስረዱ። እስከዚህ ድረስ ቅሬታ የለኝም።

ቅሬታዬ ከዚያ በኋላ ስላለው ነው። ታኅሣሥ ላይ ውሳኔውን ልወስድ ስመጣ፣ «እናቴ፣ ቦታው ለቅርስ ስለሚቀርብ ፋይሉ ለአስተያየት ተልኳል» ተባልኩ። ወደ ተላከበት መሥሪያ ቤት ሄድኩ። እዚያ ደግሞ መዝገብ ቤቱ ተፈልጎ፣ በስሜም ሆነ በፋይል ቁጥሬ የገባ ደብዳቤ እንደሌለ ተነገረኝ። ተመልሼ መጣሁ። ተልኳል የተባለበት ደብዳቤ ቁጥርና ቀን እንዲሰጠኝ ጠየቅሁ። ያገኘሁት መልስ «ያየው ባለሙያ መስክ ነው» የሚል ሆነ። ከጥምቀት በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ፤ «የቴክኒክ ኮሚቴው ገና አልተሰበሰበም» አሉኝ። ሌላ ቀን መብራት የለም፤ ሌላ ቀን ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። እያንዳንዱ ምክንያት ለብቻው ሲታይ እውነት ሊሆን ይችላል። ሁሉም አንድ ላይ ሲመጡ ግን ፋይሌ በእርግጥ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው መኖሩን ያጠራጥረኛል።

የቅርሱን ነገር አቅልዬ አላየውም። ዐፄ ፋሲል መዋኛ ለኛ ሰፈር ጎረቤት ነው፤ በየዓመቱ ጥር 10 ታቦታቱ ሲወርዱ በደጃችን ነው ሰዉ የሚያልፈው። የፋሲል ግንብና አብረውት ያሉት ሥፍራዎች፣ መዋኛውንም ቁስቋምንም ደብረ ብርሃን ሥላሴንም ጨምሮ፣ በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገቡ የተደሰትነው እኛው ነን። ዛፎቹን የሚጋርድ፣ ከሩቅ ሲያዩት መዋኛውን የሚያሳንስ ሕንፃ እዚያ እንዲቆም አልፈልግም። የኔ ቤት ከነጣሪያው 8 ሜትር አይሞላም። በመንገዱ ዳር አሁን ከቆሙት አንዳንድ ሕንፃዎች ያጥራል።

ቢሆንም ከፍታው ይቀነስ ከተባልኩ እቀንሳለሁ። የፊት ግድግዳው በድንጋይ ይሸፈን፣ ቀለሙ ይለወጥ፣ ጣሪያው ሌላ ዓይነት ይሁን ከተባልኩም አርክቴክቱ ያስተካክለዋል። ከናካቴው ፎቅ አይፈቀድም ከተባለ ምድር ቤት ብቻ እሠራለሁ። ይህ ሁሉ ግን የሚሆነው አንድ ሰው በጽሑፍ ሲነግረኝ ነው። በቃል «ቅርስ ነው» ተብዬ ዲዛይን ማሻሻል አልችልም። ደግሞም የፕላን ስምምነቱን የሰጠኝ ይኸው ክፍል ነው፤ ባለ አንድ ፎቅ እንደሚፈቀድ የተጻፈውም እዚያው ወረቀት ላይ ነው። ያኔ ለቅርስ ያልቀረበ ቦታ ዛሬ እንዴት እንደቀረበ ማወቅ እፈልጋለሁ።

ስለ ሕጉም ትንሽ ልበል። የኢትዮጵያ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ይከፍላል። የኔ ቤት ፎቅ ስላለው በምድብ «ለ» ውስጥ ይወድቃል። ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸውና የሕዝብ መገልገያ የሆኑት፣ ብዙ ምርመራ የሚፈልጉት፣ በምድብ «ሐ» ናቸው። የኔ ከነሱ አይደለም። አዋጁ ማመልከቻ የቀረበለት የሕንፃ ሹም እንዲወስን ያዛል። ካልፈቀደም ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ይጠይቃል። በውሳኔው ቅር የተሰኘ ሰው የሚሄድበት የይግባኝ ሰሚ ቦርድም አለው።

ልብ ይበሉልኝ። «አይቻልም» ብላችሁኝ ቢሆን ኖሮ ይግባኝ እል ነበር፤ ቦርዱም ወይ ለእናንተ ወይ ለእኔ ይፈርድ ነበር። ዝም ስትሉኝ ግን ይግባኝ የምልበት ነገር የለኝም። ከክልከላው ይልቅ የጎዳኝ ይህ ዝምታ ነው። የራሳችሁ የዜጎች ቻርተር፣ በር ላይ ተለጥፎ ያነበብኩት፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ፈቃድ 10 የሥራ ቀን ይላል። ሥራ እንደሚበዛባችሁ አያለሁ፤ ወረፋውን ስለምቆም አውቀዋለሁ። ጥቂት ቀን ቢያልፍ አልጽፍም ነበር። አሁን የምናወራው ግን ስለ ወራት ነው።

ጊዜው ለምን እንደሚያስጨንቀኝም ይረዱልኝ። የፕላን ስምምነቱ የሚያገለግለው እስከ ሚያዝያ 30 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው፤ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። ያ ቀን ካለፈ ከሀ ብዬ ልጀምር ነው። ከዚያ ሰኔ ይመጣል፤ ዋልካ ላይ በክረምት መሠረት አይቆፈርም። ጉድጓዱ ውኃ ይሞላል፤ አፈሩ ያብጣል። ስለዚህ በዚህ ወር ካልተወሰነ ዓመቱ ሙሉ ሄደ ማለት ነው።

አሁን ያለሁበት የጭቃ ቤት አሮጌ ነው። በምሥራቅ በኩል ያለው ግድግዳ ባለፈው ክረምት ተሰንጥቋል፤ በባሕር ዛፍ ደግፈነዋል። በዚያ በኩል የነበሩትን ተከራዮች እንዲወጡ ያደረግሁት ይወድቅባቸዋል ብዬ ሰግቼ ነው። የኪራዩ ገንዘብ በዚያው ቀረ፤ የጡረታዬን መጠን ደግሞ እርስዎም ይገምቱታል። ልጄ ሲሚንቶ እንደ መድኃኒት በሚፈለግበት ሰሞን በስንት ልመና ያገኘውን 60 ኩንታል ገዝቶ ጓዳ አስገብቶልኛል። ሲሚንቶ ሲቆይ እርጥበት ይስብና ይረጋል። ከሦስት ወር ካለፈ ጉልበቱ እንደሚቀንስ ግንበኛው ነግሮኛል። አሁን ከረጢቱን በእጄ ስጫነው ዳር ዳሩ ጠጥሯል። የብረቱን ዋጋ አላነሣም፤ እርስዎም ገበያውን ያውቁታል።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ከኛ ወደ ታች ባለው በኩል በአንድ ሌሊት ቆርቆሮ ለብሰው ያደሩ የጨረቃ ቤቶች አሉ። ባለቤቶቹ ዛሬ ቡና እያፈሉባቸው ነው። እኔ ካርታ ይዤ፣ ግብር ከፍዬ፣ ዲዛይን አሠርቼ እጠብቃለሁ። በነሱ ላይ ክፉ አልመኝም፤ መጠለያ ያጣ ሰው ምን ያድርግ? ግን ሕግ አክብሮ የመጣው ሰው ይህን ያህል ከጠበቀ፣ ነገ ማን ወደ እናንተ ይመጣል?

ከግቢያችሁ ውጭ ደግሞ «እኔ አስጨርስልዎታለሁ» ያለኝ ሰው ነበር። የክፍሉ ሠራተኛ አይደለም፤ ደላላ ነው። የክፍሉን ስም ለማጥፋት አላነሣሁትም። እንዲህ ያለ ሰው በር ላይ ቆሞ ደንበኛ የሚያገኘው ውስጥ ያለው ሥራ ሲጓተት ስለሆነ ነው። ለመንግሥት ክፍያ ደረሰኝ አለኝ፤ ለሌላ የምከፍለው የለኝም።

ስለዚህ የሚከተለውን በትሕትና እጠይቃለሁ። ፋይሌ ዛሬ በማን እጅ እንዳለ ይነገረኝ። ለሌላ መሥሪያ ቤት ተልኮ ከሆነ የደብዳቤው ቁጥርና ቀን ይሰጠኝ፤ ካልተላከም አልተላከም ይባል። ኮሚቴ የሚያየው ከሆነ የሚያይበት ቀን ይቆረጥ። የጎደለ ሰነድ ካለ ዝርዝሩ በአንድ ጊዜ ይሰጠኝ፤ ዛሬ አንድ ነገ ሌላ እየተባለ አይሁን። ከሁሉም በላይ ደግሞ ይህ ደብዳቤ ከደረሳችሁ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ተፈቅዷል ወይም አልተፈቀደም የሚል የጽሑፍ ውሳኔ ከነምክንያቱ እንዲደርሰኝ እለምናለሁ። መዘግየቱ የናንተ ከሆነም የፕላን ስምምነቱ ጊዜ በዚያው ልክ እንዲራዘምልኝ እጠይቃለሁ።

በተባለው ጊዜ መልስ ካላገኘሁ ጉዳዩን ለከተማው ቅሬታ ሰሚ፣ ከዚያም ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቀርባለሁ። ይህን የምለው ለማስፈራራት አይደለም፤ በኋላ «ለምን ሳትነግሪን?» እንዳልባል ነው። እዚሁ ቢያልቅልኝ እመርጣለሁ።

ማስረዳት ካስፈለገ በማንኛውም የሥራ ቀን እመጣለሁ፤ አርክቴክቱም አብሮኝ ይመጣል። ስልኬ በማመልከቻው የመጀመሪያ ገጽ ላይ አለ። ደብዳቤው ሲወጣ ቢደወልልኝ ራሴ መጥቼ ፈርሜ እወስዳለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

ጥሩወርቅ ዓለሙ
አመልካች

አባሪ፦
የማመልከቻ መቀበያ ወረቀትና የክፍያ ደረሰኝ ኮፒ
የፕላን ስምምነት ኮፒ
የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ ኮፒ
የተሰነጠቀው ግድግዳ ፎቶ

ግልባጭ፦
ለክፍለ ከተማው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ጽሕፈት ቤት