ለሰብለ፦ ከክፍል ጓደኞችሽ የምረቃ ስንብት

ውድ ሰብለ፣

ይህ ጽሑፍ በ2017 ዓ.ም. ከአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በሃይድሮሊክስና ውሃ ሀብት ምህንድስና የምንመረቅ ተማሪዎች በምናሳትመው መጽሔት ላይ ከፎቶሽ ጎን እንዲወጣ የተዘጋጀ ነው። መጽሔቱ ከማተሚያ ቤት እስኪመጣ ድረስ ግን ሁላችንም አብረን እንድናነበው በክፍላችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አስቀድመን አስቀምጠነዋል። ለእያንዳንዳችን ከፎቶ በታች የተመደቡት ጥቂት መስመሮች ሲሆኑ፣ ለአንቺ ሙሉ ገጽ እንዲሰጥ ክፍሉ በአንድ ድምፅ ጠይቋል። የጻፍኩት እኔ ብሆንም ከዚህ በታች ያለው ነገር ሁሉ ከልጆቹ የተሰበሰበ ነው፤ እያንዳንዱ ስለ አንቺ የሚያነሳው ነገር ነበረውና ለመምረጥ ተቸግሬአለሁ።

የክፍል ተጠሪ ሆነሽ በተመረጥሽበት ጊዜ ገና እርስ በርሳችን በቅጡ አንተዋወቅም ነበር። ተጠሪነት ከውጭ ሲታይ መልእክት ማስተላለፍ ብቻ ይመስላል፤ አንቺ ግን መልእክቱ እውነት መሆኑን ከትምህርት ክፍሉ ጽሕፈት ቤት ሄደሽ ሳታረጋግጪ አንድም ጊዜ ግሩፑ ላይ ጽፈሽ አታውቂም። የፈተና ፕሮግራም ተቀየረ የሚል ወሬ በዶርሙ ሲናፈስ፣ ልጆቹ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ሰብለ ጽፋለች ወይ?» ብለው ነበር፤ ካልጻፍሽ ወሬ ነው ብለን ወደ ጥናታችን እንመለሳለን። ይህንን ደግሞ ብዙዎቻችን ያወቅነው ዘግይተን ነው፦ ከመካከላችን ስማርት ስልክ ያልነበራቸው ወይም ስልካቸው የተበላሸባቸው ልጆች ነበሩ። እነሱም እንዳይሸማቀቁ በግሩፑ ላይ አንድም ቃል ሳታነሺ፣ እያንዳንዱን ማስታወቂያ በወረቀት ጽፈሽ በዶርም ጓደኞቻቸው በኩል ትልኪላቸው ነበር።

ከሁሉም በላይ ግን የክፍላችን ልጆች ደጋግመው የሚያነሱት የሰርቬይንግ የመስክ ልምምዱን ነው። በሌቭል መሣሪያ ከቤንች ማርኩ ተነስተን፣ ግቢውን ዞረን፣ ወደዚያው ቤንች ማርክ በመመለስ ዙሩን መዝጋት ነበረብን። የአርባ ምንጭ ፀሐይ አናት በሚበሳበት ሰዓት ጨርሰን ደብተሩን ስንደምር የመዝጊያ ስህተታችን 38 ሚሊ ሜትር ሆነ። ዙሩ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ስለነበር የሚፈቀደው 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሌሎች ቡድኖች ዕቃቸውን ሰብስበው ወደ ካፌ እየሄዱ ነበር። ከእኛም ውስጥ ሁለት ሦስት ንባቦችን በጥቂት ሚሊ ሜትር ብናስተካክል ማንም እንደማያውቅ የተናገረ ነበር፤ ሐሳቡንም አብዛኞቻችን ወደድነው። አንቺ ደብተሩን ዘግተሽ በብብትሽ ያዝሽና «ያላነበብኩትን ቁጥር አልጽፍም፤ የደከመው ይረፍ፣ እኔ ስታፍ የሚይዝልኝ አንድ ሰው ይበቃኛል» አልሽ። አልተቆጣሽም፣ ማንንም አልነቀፍሽም። ይህን ብለሽ ወደ መጀመሪያው ነጥብ ስትመለሺ ሁላችንም ተከተልንሽ።

ስህተቱ የተገኘው ከመንገዱ ዳር፣ አፈሩ አዲስ የተቆፈረበት ቦታ ላይ ነበር። እዚያ ባለው መሸጋገሪያ ነጥብ ላይ የቆመው ስታፍ፣ የፊት ንባቡ ተወስዶ መሣሪያው ወደ ቀጣዩ ቦታ እስኪዛወር ድረስ በራሱ ክብደት ቀስ እያለ ወደ አፈሩ ሰምጦ ነበር። ጠፍጣፋ ድንጋይ ፈልገሽ በእግርሽ ደልድለሽ ስታፉን በእሱ ላይ አስቆምሽና ከዚያ ጀምረን ደገምነው፤ ዙሩ በ7 ሚሊ ሜትር ተዘጋ። መምህራችን በማግስቱ ደብተራችንን አይተው ምንም ሳይናገሩ ፈረሙበት። እኛ ግን በዚያን ቀን የተማርነው ነገር በየትኛውም ማንዋል ውስጥ አልነበረም፤ ከዚያ በኋላ በላብራቶሪ ሪፖርትም ሆነ በኩልፎ ወንዝ ላይ የፍሰት ልኬት ስንሠራ፣ ቁጥር ለማሳመር እጃችን ሲቃጣ «ሰብለ ብታይስ?» ማለት የክፍላችን ልማድ ሆነ።

ሰው ሁሉ በትጋትሽ ያውቅሻል፤ የናፍቆትሽን ወራት ግን የምናውቀው እኛ ነን። ከፍኖተ ሰላም እናትሽ ያሸከሙሽን ጋቢ ይዘሽ ወደዚህ ቆላ ስትመጪ፣ ከቤትሽ ጋር የሚያገናኝሽ ስልክ ይህን ያህል ጊዜ ይቋረጣል ብለሽ አላሰብሽም ነበር። መንገድ በተዘጋበትና ስልክ በማይሠራበት በዚያ ጊዜ፣ ማታ ማታ ከዶርም ወጥተሽ ደጋግመሽ ስትደውዪ እናይሽ ነበር። ጠዋት ደግሞ ከሁላችንም ቀድመሽ ክፍል ውስጥ እናገኝሻለን። መስመሩ በተከፈተ ዕለት የእናትሽን ድምፅ ሰምተሽ ያለቀስሽውን ለቅሶ የዶርም ጓደኞችሽ እስከ ዛሬ ያስታውሱታል፤ አብረውሽ ስላለቀሱ። ከዚያ በኋላ እጅ በእጅ ሲቀባበል የደረሰልሽን የእናትሽን በሶና ዳቦ ቆሎ ለራስሽ ሳታስቀሪ ለክፍሉ በሙሉ ማከፋፈልሽ አንቺን ለሚያውቅ ሰው አያስገርምም።

የመስቀል በዓል በግቢ ባገኘን ዓመት፣ ቤቱ መሄድ ያልቻለውን ሁሉ የጨንቻው ጓደኛችን ወደ ወላጆቹ ቤት ወስዶን ነበር። ለጋሞ ሕዝብ መስቀል ከበዓላት ሁሉ የሚልቅ በዓል ነው፤ ከየአገሩ የተበተነው ሁሉ ወደ ቤቱ የሚመለስበት ቀን ስለሆነ፣ የእኛ ከቤት መራቅ እናቱን ከምንም በላይ አሳዘናቸው። በዚያ ብርድ አንቺ ጋቢሽን ለብሰሽ ከጎናቸው ተቀምጠሽ ቆጮ ሲጋግሩ እያየሽ፣ የእናንተን ቤት የበዓል አከባበር ስትነግሪያቸው አመሸሽ፤ ልጃቸው እያስተረጎመ። ሲሸኙን «ይቺ ልጄ ናት» ብለው ለብቻሽ መረቁሽ። እኚህ እናት ለምረቃሽ እንደሚመጡ ልጃቸው አረጋግጦልናል፤ ይህን ለአንቺ ሳንነግርሽ ቆይተን ነበር፤ አሁን እወቂው።

ስለ መመረቂያ ፕሮጀክትሽም ጥቂት መባል አለበት፤ መጽሔቱን የሚያነቡ ታናናሾቻችን ሊጠቅማቸው ይችላልና። ቡድናችሁ ለአንዲት ትንሽ ወንዝ የጠለፋ ግድብ ሲነድፍ፣ ለ50 ዓመት የመመለሻ ጊዜ የሚጠበቀውን ጎርፍ ከዝናብ መረጃ አስልቶ ነበር። ሥራው በዚህ ሊያበቃ ይችል ነበር። አንቺ ግን ወንዙ ዳር ወዳሉት አርሶ አደሮች ሄደሽ፣ ጎርፉ እስከ የት ደርሶ እንደሚያውቅ ጠየቅሽ። አንድ ሽማግሌ ወደ አንድ የሾላ ዛፍ ወስደው፣ ውሃው በልጅነታቸውም በቅርብ ዓመትም የደረሰበትን ቦታ በበትራቸው አሳዩሽ። ያንን ከፍታ ለክተሽ፣ የወንዙን ቁርጥና ተዳፋት ይዘሽ በማኒንግ ቀመር Q = (1/n) A R^(2/3) S^(1/2) ስታሰዪው፣ የተገኘው የጎርፍ መጠን ከዝናቡ ስሌት በልጦ ተገኘ።

ከዚያ በኋላ በቡድናችሁ ውስጥ የነበረውን ክርክር እናስታውሳለን። ትንሹን ቁጥር መውሰድ ግድቡን ርካሽ፣ ሪፖርቱንም አጭር ያደርገው ነበር፤ የሻካራነት ኮፊሸንቱን ትንሽ ከፍ በማድረግም ሁለቱን ውጤቶች በወረቀት ላይ ማስታረቅ ይቻል ነበር። አንቺ የወንዙን አልጋ ፎቶ ጠረጴዛው ላይ አድርገሽ ድንጋዩንና ቁጥቋጦውን እያሳየሽ፣ የተመረጠው n ትክክል መሆኑን አስረዳሽ። ከሁለቱ ትልቁ ጎርፍ ተወስዶ የግድቡ የጎን ግንቦች ከፍ እንዲሉም አሳመንሽ። በገምጋሚዎች ፊት ስትቀርቢ ስለዚህ ተጠይቀሽ የመለስሽው መልስ «ሽማግሌው ያሳዩኝን ዛፍ ትቼ ብነድፍ፣ ግድቡ በሚሰበርበት ቀን ከሥሩ የሚገኙት እሳቸው ናቸው» የሚል ነበር። አዳራሹ ውስጥ የነበርን ሁሉ ከልባችን አጨበጨብን፤ እኔም ምን ዓይነት መሐንዲስ መሆን እንደምፈልግ የተረዳሁት ያኔ ነው።

የመውጫ ፈተናው ወራት ለሁላችንም ከባድ ነበር። የአምስት ዓመት ትምህርት በአንድ ቀን ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ መፈተን፣ 50 በመቶ ካልመጣም ዲግሪው አለመሰጠቱ እንቅልፍ የሚነሳ ነገር ነው። የትምህርት ዓይነቶቹን ለክፍሉ ልጆች አከፋፍለሽ፣ እያንዳንዱ የደረሰውን አጥንቶ ለሌሎች እንዲያስረዳ ያደረግሽው አንቺ ነሽ። ለማስረዳት የፈራውንም ልጅ አጠገቡ ቁመሽ አስጀመርሽው። ውጤቱ በወጣ ሌሊት ግሩፑ በእንኳን ደስ አለን ሲጥለቀለቅ ያንቺ ስም አልታየም ነበር። ያላለፉት ጓደኞቻችን ዘንድ እንደነበርሽ፣ አብረሻቸው እንዳመሸሽና ለድጋሚ ፈተናው የጥናት ፕሮግራም እንዳወጣሽላቸው የሰማነው ከራሳቸው አንደበት ነው። ይህ እንዲጻፍ የጠየቁትም እነሱ ናቸው።

አሁን መለያየታችን ነው። በልጅነትሽ ወደ ባሕር ዳር ስትሄዱ መራዊ አካባቢ በበጋ የለመለመውን ማሳ በአውቶቡስ መስኮት አይተሽ፣ ውሃው ከየት እንደሚመጣ አባትሽን እንደጠየቅሽ ነግረሽናል። ቆጋ 7,000 ሄክታር የሚያለማ መስኖ መሆኑን፣ በቦዩ መጨረሻ ያለው ገበሬ ግን ውሃ ሊያጥረው እንደሚችል በትምህርት ካወቅሽ ወዲህ፣ መሥራት የምትፈልጊው እዚያ፣ ያውም በቦዩ መጨረሻ ካሉት ገበሬዎች ጋር እንደሆነ ስትናገሪ ሰምተናል። ያሰብሽው ይሳካልሽ። ሥራ ለማግኘት የሚፈጀው ጊዜ ቢረዝም እንኳ ተስፋ እንዳትቆርጪ፤ ከመካከላችን አስቀድሞ ሥራ የሚያገኝ ሰው የሰማውን ክፍት ቦታ ሁሉ ግሩፑ ላይ እንዲያወጣ ተስማምተናል፤ ግሩፑም ከምረቃ በኋላ እንደማይዘጋ ቃል ገብተናል።

የምረቃው ዕለት ቤተሰቦችሽ መንገዱ ቀንቷቸው ቢደርሱ ደስታችን እጥፍ ይሆናል። ባይደርሱ ግን ብቻሽን የምትቆሚበት አንድም ፎቶ አይኖርም። ጋዋንሽን የሚያስተካክልልሽ፣ አበባ የሚያቅፍልሽ፣ እልል የሚልልሽ ሰው ተመድቧል፤ ለእናትሽም በስልክ በቀጥታ የሚያሳያቸው ልጅ አለ። ማታውን ሴቻ ባዘጋጀነው እራት ላይ ከሁላችንም የተዋጣ ስጦታ ይሰጥሻል፤ ምን እንደሆነ እዚህ አልጽፍም፤ በመስክ ሥራሽ የሚያገለግልሽ ዕቃ መሆኑን ግን እወቂ።

እግዚአብሔር መንገድሽን ያቅናልሽ፤ ለወግ ለማዕረግ ያብቃሽ፤ የድካምሽን ፍሬ ለእናትና አባትሽ ለማሳየት ያብቃሽ። እንኳን ለዚህ አበቃሽ፤ እንኳን ደስ አለሽ!

በክፍሉ ተማሪዎች ስም፣
ዳዊት
አርባ ምንጭ፣ ሰኔ 2017 ዓ.ም.