ጠመኔ

የእህቴ ልጅ መስማት አይችልም። ጎንደር ፒያሳ፣ ሱቄ በረንዳ ላይ ስፌት ላስተምረው ስጀምር መዳፉን መኪናው ላይ አሳረፈ። ክር ሲወሳሰብ እኔ ሳልሰማ እሱ በእጁ ያውቃል። እኔ ግን ጆሮው ሥር መጮሄን አልተውኩም። የጅል ነገር!

ለጥምቀት ሳምንት ሲቀረው አንዲት እናት ቀሚስ ልታሰፋ መጣች። ሻይ ልጠጣ ወጥቼ ነበር። ስመለስ ልጁ ቁራጭ ጨርቅ ላይ በጠመኔ ቀሚስ ስሏል፤ ጥለቱ ከታች፣ መስቀሉ ደረቱ ላይ። ሴትዮዋ ክንዷን በጣቷ ቆረጥ አደረገች። እሱም እጅጌውን አጥፍቶ አሳጠረው። ሳቀች። እኔን ማንም አላየኝም፤ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

በመጨረሻ ዋጋውን ጻፈላት። እኔ ከምጠይቀው 100 ብር አስበልጦ! እሷም ሳትከራከር ቀብድ ከፈለች።