የመጋዘን ቃጠሎ የመጀመሪያ ማሳወቂያ

ቀን፦ የካቲት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቁጥር፦ እመ/017/17

ለመድን ሰጪያችን የባሕር ዳር ቅርንጫፍ፣ የካሳ ክፍል
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ በእህል መጋዘናችን ላይ የደረሰ የእሳት አደጋን ስለማሳወቅና ገምጋሚ እንዲላክልን ስለመጠየቅ

ዛሬ አርብ ጠዋት 2፡30 ላይ በስልክ ያስታወቅናችሁን አደጋ በዚህ ደብዳቤ በጽሑፍ እናረጋግጣለን። አደጋው የደረሰው ከሐምሌ 1 ቀን 2016 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. በሚጸናው የእሳት መድን ውላችን፣ ቁጥር 0417/16፣ ውስጥ ነው። በውሉ ሕንፃው ለ4,500,000 ብር፣ ዕቃው ለ10,000,000 ብር፣ መሣሪያው ለ300,000 ብር ዋስትና አለው። የእህሉን መግዣ ያበደረን ባንክ በውሉ በተጠቃሚነት ስለተመዘገበ የዚህ ደብዳቤ ግልባጭ ደርሶታል።

አደጋው የተነሳው ሐሙስ የካቲት 20 ለአርብ የካቲት 21 አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 7፡35 አካባቢ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2025፣ ከሌሊቱ 1፡35 ማለት ነው። ሁለቱንም የጻፍነው የሌሊት ሰዓት በመዝገብ ላይ በቀላሉ ስለሚዛነፍ ነው። መጋዘኑ ከዓባይ ድልድይ ማዶ በጎንደር መንገድ ላይ ይገኛል፤ ስፋቱ 12 በ40 ሜትር፣ ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው በብረት ወራጅ ላይ የተመታ ቆርቆሮ ሲሆን በሦስት ክፍል ተከፍሏል።

ዘበኛው በምዕራብ በኩል ካለው 3ኛ ክፍል ጭስ ሲወጣ አይቶ 7፡42 ላይ ለእሳት አደጋ ደወለ። ሁለት መኪኖች 7፡58 ደረሱ፤ እሳቱ 9፡20 ላይ በቁጥጥር ሥር ዋለ፣ መኪኖቹ 10፡50 ተመለሱ። የሰው ጉዳት የለም። ክፍሎቹን የሚለየው ግድግዳ እስከ ወራጁ ግርጌ ብቻ ስለሚደርስ፣ እሳቱ በዚያ ክፍተት አልፎ ወደ 2ኛው ክፍል፣ ጭሱም እስከ 1ኛው ዘልቋል። በመጋዘኑ ካሉት አራት ማጥፊያዎች በሁለቱ ተሠርቷል። ሌሎቹ ሁለቱ በ3ኛ ክፍል ውስጥ ተሰቅለው ስለነበር አልተደረሰባቸውም። የአራቱም የመጨረሻ ምርመራ ኅዳር 2017 ነበር።

የእሳቱን መነሻ አናውቅም። በ3ኛ ክፍል የጆንያ መስፊያ ማሽን እስከ ቀኑ 11፡30 ድረስ በኤሌክትሪክ ሲሠራ ውሏል። ሶኬቱ መነቀሉን ዘበኛው ተናግሯል፤ እኛ ግን በዓይናችን አላረጋገጥንም። ፖሊስ ቦታውን አይቶ ቃል ተቀብሏል፣ የፖሊስና የእሳት አደጋ ማስረጃዎች ተጠይቀዋል፤ እንደወጡ እናቀርባለን።

በአደጋው ሌሊት የነበረው ዕቃ እንደሚከተለው ነው። በ1ኛ ክፍል 1,180 ባለ50 ኪሎ ጆንያ የፎገራ ሩዝ፤ በ2ኛ ክፍል 640 ባለ50 ኪሎ ጆንያ ኑግ፤ በ3ኛ ክፍል 46 እስር፣ በድምሩ 23,000 አዲስ የላስቲክ ጆንያ፣ ሁለት መስፊያ ማሽንና አንድ ባለ300 ኪሎ ሚዛን። የሩዙና የኑጉ ቁጥር ጥር 30 ከተደረገው ቆጠራ ተነስቶ በቢሮ ከተረፈው የገቢና የወጪ መዝገብ የተሰላ ነው። የጆንያው ቢን ካርድ ከጆንያው ጋር ተቃጥሏል፤ ቁጥሩን ያገኘነው ከግዥ ደረሰኝ ስለሆነ ገምጋሚው ለብቻው እንዲያጣራው እንፈልጋለን። ከኑጉ ውስጥ 60 ጆንያ የእኛ አይደለም፤ አንድ ነጋዴ በአደራ ያስቀመጠው ሲሆን ከ1ኛ ክፍል ግድግዳ አጠገብ ስለነበረ አልተቃጠለም፣ አልረጠበምም።

3ኛው ክፍል ከነዕቃው ተቃጥሏል። ከኑጉ 210 ጆንያ ተቃጥሏል ወይም ከስሏል፤ 260 ረጥቧል፤ 170 በዓይን ሲታይ ደህና ነው፣ ሽታው ግን ገና አልተረጋገጠም። ከሩዙ የታችኛው ረድፍ 95 ጆንያ በወለል በፈሰሰው ውሃ ረጥቧል። በመግዣ ዋጋ (ኑግ በኩንታል 9,800፣ ሩዝ 8,600፣ ጆንያ በአንድ 32 ብር) የተቃጠለው ኑግ 1,029,000፣ ጆንያው 736,000፣ መሣሪያው 118,000 ብር ይሆናል። የረጠበው ኑግ 1,274,000፣ የረጠበው ሩዝ 408,500 ብር ነው። በድምሩ 3,565,500 ብር። ይህ ለመጠባበቂያ የሚያገለግላችሁ የመጀመሪያ ግምት ነው፤ የረጠበውን የቆጠርነው በሙሉ ዋጋው ነው፣ ከደረቀና ከተሸጠ ቁጥሩ ይቀንሳል። የሕንፃውና የጭሱ ጉዳት አልተካተተም።

ጉዳቱ እንዳይሰፋ እስካሁን ያደረግነው ይህ ነው። የመብራት ኃይል ሠራተኞች መስመሩን ከምሰሶው ቆርጠውታል። የተቃጠለው ማከፋፈያ ሳጥን፣ መስፊያ ማሽኖቹና ሶኬቱ ከቦታቸው አልተነኩም፣ 3ኛው ክፍል በገመድ ታጥሮ ሁለት ተጨማሪ ዘበኛ ቆሞበታል። ማንኛውም ጆንያ ከመነሳቱ በፊት ከአራቱም ማዕዘን ፎቶ ተነስቷል። በ2ኛው ክፍል ላይ የተጣመሙት 14 ቆርቆሮዎች በሸራ ተሸፍነዋል። የከሰለውና አመዱ ወደ ውጭ አልተጣለም፤ ገምጋሚው ሳያየው አይጣልም።

ትልቁ ሥጋታችን የረጠበው ኑግ ነው። ኑግ ዘይት ስላለው ረጥቦ ሲደረደር በራሱ ይሞቃል፤ ከውስጥ ሲጨስ የውጭው ጆንያ ቀዝቃዛ መስሎ ይታያል። ዛሬ ጠዋት ወደ ክምሩ የብረት ዘንግ ከተን 10 ደቂቃ ቆይተን ስናወጣው ጫፉ በእጅ አላስያዘም። ስለዚህ ገምጋሚውን ሳንጠብቅ ክምሩን አፍርሰን 260ውን ጆንያ በግቢ በሸራ ላይ ዘርግተናል፤ የሩዙም 95 ጆንያ ለብቻው በሌላ ሸራ ላይ በስሱ ተበትኖ በየግማሽ ሰዓቱ ይገለባበጣል። የደረቀው፣ የረጠበውና የከሰለው አልተቀላቀሉም፤ ከእያንዳንዱ ምድብ አንድ ኪሎ ናሙና ታሽጎ ቀኑና ቦታው ተጽፎበታል። በየሁለት ሰዓቱ በዘንግ እየፈተሽን እንመዘግባለን፤ ሌሊትም ይቀጥላል።

ለዚህ ሥራ ዛሬ የወጣው ለ24 የቀን ሠራተኞች 12,000፣ ለ11 ሸራ ኪራይ 3,300፣ ለዘበኞች 1,200፣ በድምሩ 16,500 ብር ነው። ደረሰኙና የስም ዝርዝሩ ከነፊርማው ተያይዟል፤ ጉዳት ለመቀነስ የወጣ ወጪ ሆኖ እንዲያዝልን እንጠይቃለን።

የጎረቤታችን ግድግዳ በአንድ በኩል ጠቁሯል። ባለቤቱ ካሳ ጠይቀውናል፤ ጥያቄያቸውን በጽሑፍ እንዲያቀርቡ ነገርናቸው እንጂ ጥፋት አላመንንም፣ የገባንላቸውም ቃል የለም። ጽሑፋቸው ሲመጣ ወደ እናንተ እንልከዋለን።

አሁን የምንጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ገምጋሚ ነገ ቅዳሜ የካቲት 22 ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት እንዲደርስ። ሁለተኛ፣ የረጠበው ኑግ ከነጉዳቱ ለዘይት መጭመቂያ እንዲሸጥ በጽሑፍ እንድትፈቅዱ። ከሦስት ገዥዎች የጽሑፍ ዋጋ ጠይቀናል፤ የሚሰጡትን እንደደረሰን እናቀርባለን፣ ያለ እናንተ ቃል አንሸጥም። ነገር ግን እስከ ቅዳሜ 11 ሰዓት ምላሽ ካልደረሰንና ሙቀቱ ከጨመረ፣ እሳት እንዳይነሳ ለከፍተኛው ዋጋ ሰጪ ለመሸጥ እንገደዳለን፤ ሽያጩ በሚዛን ወረቀትና በፎቶ ይመዘገባል።

የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
(ፊርማና ማኅተም)

አባሪ፦ 64 ፎቶ፣ የጥር 30 ቆጠራ፣ የገቢና የወጪ መዝገብ ቅጂ፣ የጆንያ ግዥ ደረሰኝ፣ የዘንግ ፍተሻ መዝገብ፣ የዛሬ ወጪ ደረሰኞች

ግልባጭ፦ ላበዳሪው ባንክ