ርዕሰ ጉዳይ፦ የውሃ መስመር ማስሊያ ሶፍትዌር (ኢፓኔት 2.2) በሥራ ላፕቶፔ ላይ እንዲጫን ፈቃድ ስለመጠየቅ

ለ፦ አይቲ ክፍል፣ ዋና መሥሪያ ቤት፣ ደሴ
ግልባጭ፦ የውሃ ዲዛይን ክፍል ኃላፊ
ቀን፦ ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሰላም ወ/ሮ ዘይነባ፣ ሰላም የአይቲ ክፍል ባልደረቦች፣

እንዴት ሰነበታችሁ? ኢፓኔት የሚባል የውሃ መስመር ማስሊያ ሶፍትዌር በሥራ ላፕቶፔ ላይ እንድትጭኑልኝ ፈቃዳችሁን እጠይቃለሁ። ስክሪኑ ላይ ስሙ EPANET ተብሎ ይነበባል፤ የምፈልገው ቨርዥን 2.2 ነው። ላፕቶፑ ዊንዶውስ 11 ነው። የንብረት ቁጥሩ ደሴ-047 ተብሎ ጀርባው ላይ ተለጥፏል። ለመጫን የአድሚኒስትሬተር ፓስወርድ ስለሚጠይቅ ያለ እናንተ አይሆንም።

ለምን እንደፈለግሁት ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልጻፍላችሁ። የምታጸድቁት ነገር ለምን እንደሚውል ማወቅ አለባችሁ ብዬ ስለማምን ነው።

አሁን በእጃችን ያለው ሥራ ኮምቦልቻ ዳርቻ ላይ ለሚስፋፋው የመኖሪያ ሰፈር የውሃ ማከፋፈያ መስመር ዲዛይን ነው። ቦታው ተዳፋት ነው። ማጠራቀሚያው የሚቀመጥበት ኮረብታ ከፍታው 1,985 ሜትር ነው፤ የመጨረሻው ዝቅተኛ ቤት ደግሞ 1,858 ሜትር ላይ ነው። ልዩነቱ 127 ሜትር ነው። አሥር ሜትር የውሃ ከፍታ ወደ አንድ ባር ግፊት ይጠጋል። ስለዚህ ሌሊት ሰው ሁሉ ቧንቧውን ሲዘጋ ታች ያለው መስመር ወደ 12 ባር ተኩል ግፊት ይሸከማል ማለት ነው። የገዛነው የፕላስቲክ ቧንቧ የሚችለው 10 ባር ነው። ዝም ብለን ከዘረጋነው ሊፈነዳ ይችላል። ላይኛው ሰፈር ላሉት ደግሞ ችግሩ ተቃራኒው ነው። ጠዋት ሁሉም አንድ ላይ ሲከፍት ውሃው እላያቸው ድረስ አይደርስም።

መፍትሔው መሃል ላይ የግፊት መቀነሻ ቫልቭ ማስገባት ወይም ግፊት የሚሰብር ትንሽ ማጠራቀሚያ መሥራት ነው። የት? ስንት? በምን ያህል ግፊት ላይ ይስተካከል? ይህን በግምት መመለስ አንችልም። መሬት ተቆፍሮ ቧንቧው ከተቀበረ በኋላ እንደገና መቆፈር አለ። ወጪውም የድርጅቱ ነው፣ ውሃ አጥቶ የሚቸገረውም ነዋሪው ነው።

እስካሁን ስሌቱን የምንሠራው በኤክሴል ነው። መስመሩ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ከሆነ ኤክሴል በቂ ነው፤ ቧንቧውን ከጫፍ እስከ ጫፍ እየተከተሉ ማስላት ይቻላል። የዚህ ሰፈር መስመር ግን ቀለበት ሠርቶ የሚገናኝ ነው። አንድ ቦታ ሲሰበር ውሃው በሌላ በኩል ዞሮ እንዲመጣ ሆን ብለን ያደረግነው ነው። ቀለበት ሲኖር ውሃው በየትኛው በኩል ምን ያህል እንደሚሄድ አስቀድሞ አይታወቅም። ገምቶ፣ አርሞ፣ እንደገና ገምቶ መድረስ ነው። ሃርዲ ክሮስ የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1936 ያወጣው የእጅ ስሌት ይህንኑ ነው የሚያደርገው። ትምህርት ቤት በሁለት ቀለበት ተምረነዋል። የኛ መስመር 11 ቀለበትና 64 መጋጠሚያ አለው። አንድ የቧንቧ ስፋት በቀየርኩ ቁጥር ሁሉም ቁጥር ይለወጣል። ኢፓኔት ይህን በሰከንድ ውስጥ ይጨርሰዋል። የ24 ሰዓቱንም ፍሰት ሰዓት በሰዓት ያሳያል፤ ማጠራቀሚያው ስንት ሰዓት ላይ ባዶ እንደሚሆን ሳይቀር።

ቨርዥኑን ለይቼ የጠየቅኩት በምክንያት ነው። ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚዘዋወረው የቆየው 2.0 ነው። ያኛው ግፊት ቢኖርም ባይኖርም ሰው የሚፈልገውን ውሃ ሁሉ ያገኛል ብሎ ነው የሚያሰላው። ግፊቱ ከዜሮ በታች ሲወርድ እንኳ ውሃ እየወጣ ነው ይላል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው 2.2 ግን ግፊት ሲያንስ የሚወጣው ውሃም እንዲያንስ አድርጎ ማስላት ይችላል። በእኛ አካባቢ ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቃለን። በፈረቃ ለሚኖር ከተማ የሚሆነው ይኼኛው ስሌት ነው። ለዚህ ነው አሮጌው ይበቃል የማልለው።

አሁን እናንተን ወደሚያሳስበው ጉዳይ ልምጣ።

ሶፍትዌሩን የሠራው የአሜሪካ መንግሥት የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ነው። ነፃ ነው። የሕዝብ ሀብት ተብሎ የተለቀቀ ስለሆነ የፈቃድ ቁልፍ የለውም፣ በየዓመቱ የሚታደስ ክፍያ የለውም፣ በድርጅት ኮምፒውተር ላይ መጠቀምም አይከለከልም። ስለዚህ ፋይናንስን የሚመለከት ነገር የለም። የፕሮግራሙ ኮድም ክፍት ነው፤ ማየት የፈለገ ማየት ይችላል።

የሚወርደው ከኤጀንሲው ድረ ገጽ ነው፦

```
https://www.epa.gov/water-research/epanet
```

እባካችሁ እኔ አውርጄ ከማመጣላችሁ ራሳችሁ ከዚህ አውርዱት። ትንሽ ፋይል ስለሆነ የቢሮውን ኢንተርኔት አይጫንም። ካወረዳችሁ በኋላ በአንቲቫይረስ ፈትሹት። ኋላ የኮምቦልቻ ሳይት ባልደረባዬም ሊፈልገው ስለሚችል የፋይሉን አሻራ መዝግቦ ማስቀመጥ ጥሩ ይመስለኛል። ፋይሉን ለምሳሌ setup.exe ብላችሁ ካስቀመጣችሁት በፓወርሼል ትእዛዙ ይህ ነው፦

```
Get-FileHash .\setup.exe -Algorithm SHA256
```

የሚወጣው ረጅም ቁጥር ከተመዘገበ፣ በሼር ፎልደር ላይ የተቀመጠው ፋይል በመሃል እንዳልተነካ በማንኛውም ጊዜ ማረጋገጥ ይቻላል።

ቋሚ የአድሚን መብት አልጠይቅም። ፓስወርዱ የሚያስፈልገው ሲጫን ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ በተራ ተጠቃሚ አካውንት እሠራለሁ። ለስሌቱ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ዳታው ላፕቶፑ ላይ ነው የሚቀረው። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። የሰፈሩ ካርታና የቤቶቹ ቁጥር የደንበኛው ንብረት ነው። ሥራውን በግል ላፕቶፔ ላይ መሥራት ወይም ፋይሉን ኢንተርኔት ላይ ወደሚያሰላ ገጽ መላክ እችል ነበር። ሁለቱንም ያልመረጥኩት በዚህ ምክንያት ነው።

የሥራ ፋይሉም ምንም የተደበቀ ነገር የለውም። በኖትፓድ የሚከፈት ተራ ጽሑፍ አድርጎ ማስቀመጥ ይቻላል። እንደ ኤክሴል ማክሮ አይሸከምም። ይህን ይመስላል፦

```
[JUNCTIONS]
;ID    Elev    Demand
J1     1905    0.35
J2     1898    0.42

[OPTIONS]
Units         LPS
Headloss      H-W
Demand Model  PDA
```

ከፍታው በሜትር፣ የውሃ ፍላጎቱ በሊትር በሰከንድ ነው። ፋይሉ ጽሑፍ ስለሆነ በጣም ትንሽ ነው። ማታ ከሥራ ከመውጣቴ በፊት ወደ ዲዛይን ክፍሉ ሼር ፎልደር እገለብጠዋለሁ። መብራት ሲጠፋም ላፕቶፑ ሲበላሽም ሥራው አይጠፋም።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ለዚሁ ሥራ የሚሆን በውድ የሚሸጥ ሶፍትዌር አለ፤ ክራክ የተደረገው ኮፒም በፍላሽ በየቢሮው ይዞራል። ለእኔም «ምን አስለፋህ፣ ይኼን ውሰድ» ያለኝ ሰው አለ። አልወሰድኩም። ክራኩን ለማሠራት መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፋ ይልሃል። አንቲቫይረስ አጥፍቶ ማንነቱ የማይታወቅ ፕሮግራም ማስነሳት የአንድ ላፕቶፕ ጉዳይ አይደለም፤ ያው ኔትወርክ ላይ የደሞዙም የሒሳቡም ኮምፒውተር አለ። በዚያ ላይ ለደንበኛ ፈርመን የምንሰጠው ዲዛይን በተሰረቀ መሣሪያ ተሠርቶ እንዲወጣ አልፈልግም። በሕጋዊ መንገድ በነፃ የሚገኝ እያለ ምንም ምክንያት የለንም። እናንተ ቶሎ ካጸደቃችሁልን ሌሎቹ መሐንዲሶችም ወደ ፍላሹ የሚሄዱበት ምክንያት ይቀንሳል።

ስትጭኑ አንድ ትንሽ ነገር አትርሱብኝ። የዊንዶውሱ የክልል ቅንብር ላይ የአሥርዮሽ ምልክቱ ነጥብ መሆኑን እዩልኝ። ኮማ ከሆነ ኢፓኔት ቁጥሮችን በትክክል አያነብም። የእኔ አሁን ነጥብ ነው፤ ቅንብሩ በአዲስ ዝማኔ ወይም በእናንተ ፖሊሲ የሚቀየር ከሆነ ግን አስቀድማችሁ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ከሌሎች ፕሮግራሞች ጋር የሚጋጭ ነገር ይኖራል ብዬ አልጠብቅም። ቢኖር ግን እንደማንኛውም ፕሮግራም ከኮንትሮል ፓነል ማጥፋት ይቻላል። የሥራ ፋይሎቼ ለብቻቸው ስለሚቀመጡ አብረው አይጠፉም።

የጊዜውን ነገር በተመለከተ፦ የመጀመሪያውን የዲዛይን ረቂቅ ለደንበኛው የምናስረክበው ታኅሣሥ 6 ነው። የሰርቬይ ቡድኑ የከፍታ ልኬቱን ጨርሶ አስረክቦኛል። አሁን የቀረኝ ስሌቱ ነው። ቫልቮቹ የት እንደሚገቡ ሳይታወቅ ደግሞ የዕቃ ዝርዝሩም ዋጋውም ሊሠራ አይችልም። ግዢ ክፍልም እኔን እየጠበቀ ነው። ስለዚህ እስከ ሐሙስ ኅዳር 11 ድረስ መልስ ባገኝ ትልቅ እገዛ ነው። ሐሙስ የማይመች ከሆነ መቼ እንደሚሆን ብቻ አሳውቁኝ፤ ሥራዬን በዚያው ልክ አስተካክላለሁ።

ማክሰኞና ረቡዕ ኮምቦልቻ ሳይት ነኝ፣ ላፕቶፑም ከእኔ ጋር ነው። ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደሴ ቢሮ እገባለሁ፤ ላፕቶፑን ይዤ በቀጥታ ወደ እናንተ እመጣለሁ። ከርቀት መጫን የሚሻላችሁ ከሆነም በነዚህ ሁለት ቀናት ከሰዓት በኋላ ሳይት ቢሮው ውስጥ ስለምሆን ስልክ ደውሉልኝና ላፕቶፑን ከኔትወርኩ ጋር አገናኘዋለሁ።

የሚሞላ ፎርም ካለ ላኩልኝ፣ ዛሬውኑ ሞልቼ እመልሳለሁ። የክፍል ኃላፊያችን ጥያቄውን ስለሚያውቁት በዚሁ ኢሜይል ላይ ስምምነታቸውን እንዲጽፉ ጠይቄያቸዋለሁ። ያልገባችሁ ወይም የምትጠራጠሩት ነገር ካለም ሳታጸድቁ በፊት ጠይቁኝ፤ ሐሙስ ስመጣ የሠራሁትን የኤክሴል ስሌት አሳይቼ የት ላይ እንደቆመ ላስረዳችሁ እችላለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣

ሰዒድ
የውሃ አቅርቦት ዲዛይን መሐንዲስ
ደሴ ዋና መሥሪያ ቤት