የገና ዕለት እኛ ቤት የሚቀርበው

ውድ ደንበኞቻችን፣ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ።

ዘንድሮ ገና ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 29 ቀን 2018 ዓ.ም. ይውላል። ቀኑ ረቡዕ ቢሆንም በዓሉ ስለሆነ ይፈሰካል። ደሴ ፒያሳ ያለው ቤታችን በዕለቱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነው። ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን ያደራችሁ፣ የጠዋቱ ብርድ ሳይለቃችሁ ቀጥታ ኑ። ከሰል ተያይዞ ይጠብቃችኋል።

መጀመሪያ ተልባ እንሰጣችኋለን። የተቆላ፣ የተወቀጠ፣ በማር የተበጠበጠ ነው። 43 ቀን የጾመ ሆድ ድንገት ቅቤ ሲገባበት ይደነግጣል፤ ተልባው ያለሰልስለታል። ሂሳብ የለውም፣ ከቤቱ ነው።

ዶሮ ወጡን እናቴ ትሠራዋለች። ሌላ ሰው ድስቱ አጠገብ አይደርስም። ማክሰኞ ከሰዓት ጀምራ ለአንድ ዶሮ ሁለት ኪሎ ቀይ ሽንኩርት አድቅቃ ትከትፋለች። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት፣ በደረቁ ይቁላላል። ውሃውን ያወጣል፣ መልሶ ይመጠዋል፣ ቡናማ እየሆነ ይሄዳል። በርበሬው ከዚያ በኋላ ይገባል፤ እሱም ጥሬነቱ እስኪጠፋ ድረስ ይበስላል። ከዚያ ቅቤው፣ ከዚያ በሎሚና በጨው ተደጋግሞ የታጠበው 12 ብልት። ኮረሪማው መጨረሻ ላይ ነው፤ ድስቱ ሲከፈት ቀድሞ የሚሸታችሁ እሱ ነው። ዶሮው የሐበሻ ስለሆነ ሥጋው ጠንከር ይላል፣ ግን ወጡ ውስጥ ስለሚቆይ ከአጥንቱ በቀላሉ ይላቀቃል። አንድ ብልት ከእንቁላልና ከአይብ ጋር 550 ብር። ያቃጥላል፤ ለልጆች አልጫውን እዘዙላቸው፣ 500 ብር ነው።

እንጀራው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ንጹሕ ጤፍ ነው። ሌላው የቆቦ ጅጉርቲ ማሽላ ከጤፍ ጋር የተቀላቀለበት ነው። የማሽላ እንጀራ ካደረ ይደርቃል፣ ስለዚህ በዚያው ጠዋት እንጋግረዋለን። እኔን ከጠየቃችሁኝ ለዶሮ ወጥ ማሽላ ያለበትን ምረጡ። ወጡን ይዞ አይበጣጠስም፣ ትንሽ ጣፈጥም ይላል።

በጎቹ ከወረኢሉ በኩል የመጡ የደጋ በጎች ናቸው። ጥብሱ ከነአጥንቱ፣ በጥብስ ቅጠልና በቃሪያ፣ ሸክላ ላይ እየተንጫጫ ይቀርባል። ለሁለት ሰው 1,100 ብር። ዱለትም አለ፤ ጥሬ፣ ለብ ለብ ወይም የበሰለ። ከአንድ በግ የሚወጣው ጥቂት ስለሆነ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ለመጣ ሰው ቃል አልገባም።

አሁን በጣም የማስብበት ነገር አለ። በጉና ዶሮው የክርስቲያን ሥጋ ነው። ግን የወሎ ሰው በዓሉን ለብቻው አያከብርም። ጎረቤቱን፣ አክስቱን፣ አብሮ አደጉን ይዞ ነው የሚመጣው። ሠርግና ለቅሶ ላይ ለሁለቱም ወገን ድስት ለየብቻ የሚጣድበት አገር ነው። ስለዚህ ለሙስሊም ወንድሞቻችንና እህቶቻችን የሐይቅ ዓሣ አዘጋጅተናል። በዚያው ቀን የተጠመደ ቆሮሶ ነው፤ ሙሉውን ተሰነጣጥቆ ቆዳው እስኪንኮሻኮሽ ይጠበሳል። ከሎሚና ከዳጣ ጋር 450 ብር። ድስቱ፣ ዘይቱ፣ ቢላው፣ ሳህኑ ሁሉ ለብቻው ነው። በጓሮ በኩል ያለው ክፍል ውስጥ ጠላም ጠጅም አይገባም። እዚያ የምንቀዳው ብርዝና ቀሪቦ ነው። ቀሪቦው ገብሱ ጠቆር ብሎ የተቆላ ስለሆነ ቡና ቡና ይላል። አብራችሁ መጥታችሁ በአንድ ጠረጴዛ ለመብላት ካሰባችሁ ያን ክፍል ጠይቁ።

ጠላና ጠጅ በፊት ለፊቱ ክፍል አለ።

ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ለሥራ ደሴ መጥታችሁ ቤተሰብ ጋ መሄድ ላልቻላችሁ፣ ለአምስት ሰው የሚሆን አንድ መሶብ በ2,200 ብር አዘጋጅተናል። ዶሮ፣ ምንቸት፣ አይብ፣ እንጀራ እስክትጠግቡ። አምስት ካልሞላችሁም ኑ፣ ከሌሎች ጋር እናስቀምጣችኋለን። ማንም ብቻውን አይቆርስም።

ቡናው ከ9 ሰዓት ጀምሮ ቄጠማ ተጎዝጉዞ ይፈላል። በኮባ ቅጠል የተጋገረ ድፎ ዳቦ ይቆረሳል። አቦሉን ጠጥታችሁ አትነሱ፣ በረካው እስኪደርስ ተጫወቱ።

ሙሉ ዶሮ ወጥ ወደ ቤት መውሰድ የምትፈልጉ እስከ ሰኞ ታኅሣሥ 27 ማታ ድረስ ካሸር ላይ ስማችሁን አስመዝግቡ። 12 ብልት ከ12 እንቁላል ጋር 4,800 ብር ነው፤ ግማሹን ቀድማችሁ ትከፍላላችሁ። ድስት ይዛችሁ ኑ፣ በፌስታል አናስይዝም። ላሊበላ ደርሳችሁ የምትመለሱ መንገደኞችም ከነሻንጣችሁ ግቡ፣ ማስቀመጫ ቦታ አለን። ማድ ቤቱ የሚዘጋው ማታ 2 ሰዓት ነው።